የወልደሥላሴ ምራቂ

ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ቅመም የሚገዛ ሰው ሁሉ የወልደሥላሴን ምራቂ ያውቃል። የተጠየቀውን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥና ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቃል። ግራሙ ልክ መሆኑን ለገዢው ዞር አድርጎ ያሳያል። ከዚያ ዕቃውን አንስቶ ላስቲክ ውስጥ ከከተተ በኋላ ጣቶቹን ወደ ኬሻው ይሰድና አንድ ቁንጥር፣ ደስ ካለውም አንድ ራስ ኮረሪማ፣ ከላይ ጣል ያደርጋል። ሚዛኑ የሰው ነው፣ ምራቂው ግን የእግዜር ነው ይላል። ምራቂ የማይሰጥ ነጋዴ ለእሱ ነጋዴ አይደለም፤ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነው። ይህን ያህል የሚመጻደቅ ሰው አንድ ቀን በምራቂው እንደሚያዝን ማን አሰበ?

የደባርቅ ልጅ ነው። በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የተሻገረው ገና ጢሙን ሳያወጣ ነበር፤ ለአንድ መኸር ሰሊጥ አጭዶ ሊመለስ። አንዱ መኸር አርባ ዓመት ሆነ። ከሰሊጡ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ወደ ካርቱም፣ ካርቱም ከገባ በኋላ ደግሞ ከሳጃና የትም አልሄደም። እዚያው ልደትን አገባ፣ እዚያው ሴት ልጅ ድሮ ገዳሪፍ ላካት፣ እዚያው ፀጉሩ ሸበተ። ዐረብኛውን ሲናገር የሰሜን ሰውነቱ ከአፉ አይወጣም፤ አማርኛውን ሲናገር ደግሞ ከአገሩ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሱዳናዊ ነህ ወይ ይለዋል። ለዚህም ቢሆን አይቀየምም።

ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ሰው ሁሉ በሩን ቆልፎ ወጣ። ከተማው ረጋ ሲባል ልደት ከልጃቸው ዘንድ ገዳሪፍ ቀረች፤ እሱ ግን ሱቄን ልይ ብሎ ብቻውን ተመለሰ። ሱቁ ሲደርስ በር የለውም። መደርደሪያው የለም፣ ሚዛኑ የለም፣ የመብራቱ ሽቦ እንኳ ከግድግዳው ውስጥ ተጎልጉሎ ተወስዷል። ያልተወሰደው ከሲሚንቶ የተሠራው ባንኮኒ ብቻ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ደግሞ ድመቷ ተቀምጣለች። ስም አውጥቶላት አያውቅም። ሱዳኖቹ ድመትን በሚጠሩበት ስም ከዲሳ ይላታል፣ በቃ። አጥንቷ ተቆጥሮ፣ አንድ ጆሮዋ ተቀዶ፣ ልክ ለምሳ ወጥቶ እንደተመለሰ ሰው አየችው። ምን በልታ፣ የት ተደብቃ ያን ሁሉ ጊዜ እንደቆየች እያሰበ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በኋላ ጎረቤቱ የሻሽወርቅ ዓይንህ ምን ሆነ ስትለው አቧራ ነው አላት፤ እሷም ሴትዮዋ ደግ ናት፣ አቧራ ነው ብላ ተቀበለችው።

እንግዲህ ከዲሳ ለእሱ ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ቀስ በቀስ ተነሣ። አዲስ ሚዛን ገባ፣ ግራም በግራም የሚለይ። ኬሻዎቹ ተደረደሩ። ጣሪያው ላይ ሶላር ተሰቀለ፤ ከሶላሩም የሚሠራ ሙከይፍ ተገዛ፤ አየሩን በረጠበ ሣር ውስጥ እያሳለፈ ቀዝቃዛ ነፋስ የሚነፋው ሣጥን ማለት ነው። ካርቱም ውስጥ ከባድ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ሙከይፉ ሥር ነው። ወልደሥላሴም ደንበኛ የሚያከብረው እዚያ በማስቀመጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከዲሳ ከጓሮው ኬሻዎች ጀርባ አራት ግልገሎች ወለደች። ሦስቱ ግራጫ ናቸው፤ አራተኛዋ፣ ከሁሉም የምታንሰው፣ እንደ እናቷ አፍንጫዋ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ሮዝ። ወልደሥላሴ ቁና ሙሉ ወርቅ እንዳገኘ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ደስታው ሦስት ቀን አልቆየም። ከዲሳ ቀትር ላይ መንገድ ስታቋርጥ ወደ ኋላ የሚመለስ ፒካፕ ገጫት። ሬሳዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣለት ከሱቁ ፊት ረክሻውን፣ ባጃጁን ማለት ነው፣ የሚያቆመው ሳላሕ ነበር። 

ወልደሥላሴ ከዲሳን ጓሮ ቀብሮ ሲመለስ አራቱ ግልገሎች እየጮሁ አፋቸውን በጨርቁ ላይ እያንፏቀቁ እናታቸውን ይፈልጋሉ። ዓይናቸው አልተገለጠም፤ እትብታቸው ገና እንደ ደረቀ ክር ተንጠልጥሏል። ምን ያድርግ? ሙቀቱ አርባን አልፏል። ሕፃናቱ በሙቀት እንዳይሞቱበት አንሶላ ያነጠፈበት ካርቶን ውስጥ አድርጎ የክብር ቦታውን ሰጣቸው፤ ሙከይፉ ሥር አስቀመጣቸው። ከሱቅ የገዛውን ወተት በስኳር በጥብጦም በማንኪያ ጫፍ በአፋቸው ጠብ ጠብ አደረገላቸው። አንዱ ግራጫ አስነጠሰ፣ ሳለ፣ ዝም አለ። ቀስ እያሉ ሁሉም ዝም አሉ። ጠገቡና ተኙ ብሎ ደስ አለው።

የሻሽወርቅ አጠገቡ ምግብ ቤት አላት። ማምሻውን ለቅሶ ልትደርሰው ብቅ አለች፤ ለድመትም ቢሆን ሐዘን ሐዘን ነው ባይ ናት። ካርቶኑን አየችና እጇን ከታ ወዲያው አወጣች።

«ጋሽ ወልዴ፣ እነዚህ ልጆች እኮ በረዶ ሆነዋል» አለችው።

ያስነጠሰው ግራጫ ሞቶ ነበር። ሦስቱ ይተነፍሳሉ፣ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፈዋል። ወልደሥላሴ የሰማውን ማመን አቃተው። በካርቱም፣ በዚህ ምጣድ በሆነ አገር፣ ብርድ ይገድላል? አርባ ዓመት ሙሉ ሙቀትን ሲሸሽ የኖረ ሰው፣ ነፋስ ለገላ ጠላት የሚሆንበት ፍጥረት አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። የሻሽወርቅ የሕፃናቱን ካርቶን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ሳላሕ ረክሻውን አስነሣ፤ ሦስቱም ሰዎች ተሳፍረው ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር በረሩ።

ካርቱም ሁለት ውስጥ ሰሞኑን የተከፈተ ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ አለ። ሐኪሟ ረዋን ትባላለች፤ አባቷ የካርቱም ሰው፣ እናቷ የወልደሥላሴ የድሮ ደንበኛ፣ ነፍሷን ይማር፣ የአዘዞ ሴት። ረዋን አማርኛን ከእናቷ ጓዳ ስለተማረችው ለትልቅም ለትንሽም አንተ ማለት ብቻ ነው የምታውቀው። ወልደሥላሴ በልጅነቷ ሊያርማት ሞክሮ ትቶታል። ልትዘጋ ስትል ነበር የደረሱት፤ ማምሻውን ኦምዱርማን ወደ ቤቷ ትሻገራለች፤ ክሊኒኩም ሌት የሚያድር ሰው የለውም።

ወልደሥላሴ ገና ከበሩ ወተት ስጪልኝ አላት፤ ልጆቹ እየሞቱ ነው፣ ከማንኪያዋ ወተት ወዲህ አልበሉም። ረዋን ጣቷን በትንሿ አፍ ውስጥ አስገባች፤ አፏ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ቀጭን ቴርሞሜትር በጅራቷ ሥር አስገብታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ላ፣ ላ፣ አሞ ወልዴ። መጀመሪያ ሙቀት። የቀዘቀዘ ሆድ አይሠራም፤ ወተቱ እዚያው ቆሞ ይበላሻል፣ ወይም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሲሞቁ እንሰጣለን። ሸዋይ ሸዋይ።»

አሞ አጎቴ፣ ሸዋይ ሸዋይ ደግሞ ቀስ በቀስ ማለት ነው፤ እንዳለችውም ቀስ በቀስ ሆነ። ለብ ያለ ውኃ የሞሉ ጠርሙሶችን በፎጣ ጠቀለለች፤ ገላቸውን በቀጥታ እንዳይነካ፣ እንዳያቃጥልም። ካርቶኑን በግማሽ አሞቀችው፣ በግማሹ ተወችው፤ ሲበዛባቸው የሚሸሹበት እንዲኖራቸው። አንዴ በአንድ ጎን፣ አንዴ በሌላው እያገላበጠች በእጆቿ ስታሻሻቸው አንድ ሰዓት አለፈ፤ ከዚያም ትንሽ ዘለለ። በአንድ ጊዜ ብናሞቃቸው ልባቸው አይችልም አለች። ወልደሥላሴ አጠገቧ ቆሞ ይመለከታል። በየመካከሉ ቴርሞሜትሩ ሲገባ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሠላሳ ሁለት የነበረው ሠላሳ አራት፣ ኋላም ሠላሳ ስድስት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያኔ ከሁለቱ ግራጫዎች አንዱ ራሱን ቀና አድርጎ ጮኸ። ድምፁ ከበር ሲጥታ አይበልጥም። ግን ወልደሥላሴ አርባ ዓመት የሰማውን የቤተ ክርስቲያን ደወል ሁሉ ረሳ። የሞተ የመሰለ ነገር በጠርሙስ ውኃ ተመልሶ ጮኸ እኮ።

ሁለቱ ግራጫዎች ከትንሽ ጡጦ ጠቡ። ትንሿ ግን አልጠባችም። የጡጦው ጫፍ ምላሷ ላይ ሲቀመጥ አፏን ከፍታ ዝም ትላለች። መጥባት አቅም ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ አቅሟን ብርዱ ወስዶባታል። ረዋን ያን ጊዜ ከወፍራም ሽቦ የማይሰፋ፣ ለስላሳ ቱቦ አወጣች።

እንዲህ ነው ያሳየችው። ግልገሏን በሆዷ ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት፤ በጀርባ በፍጹም። ቱቦውን ከውጭ በኩል ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ መጨረሻው ጎድኗ ለካች፣ እዚያ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረገች። ከዚያ ቱቦውን ወተት ውስጥ ነክራ በአፏ ጎን ቀስ እያደረገች አስገባች። ምልክቱ ከንፈሯ ዘንድ ሲደርስ ሆዷ ገብቷል ማለት ነው። ካላለፈ፣ ከተያዘ ወይም ከሳለች በተሳሳተ በር ገብቷል፤ ወዲያው ይውጣ፣ አይገፋ። በዚህ ዕድሜ ቱቦ ወደ ሳንባ ቢገባባቸው እንደ እኛ አይታነቁም፤ ስለዚህ የእነሱ ዝምታ አያሳምንህ፣ ምልክቱን እመን አለችው። ቀጥሎ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አያይዛ፣ አየሩን አስቀድማ ያወጣችለት ስሪንጅ፣ ለብ ያለውን የግልገል ድመት ወተት ቀስ አድርጋ ገፋች። የዱቄት ወተት ነው፤ ከፖርት ሱዳን ያስመጣችው። መጀመሪያ ሁለት ሚሊ ብቻ። ቱቦውን ስታወጣ ጫፉን በጣቷ ቆነጠጠችው፤ አንዲት ጠብታ መንገድ ላይ እንዳትወድቅ።

ወልደሥላሴ ማመስገን ሲጀምር ገና አላለቀም አለችው። ጥጥ በለብታ ውኃ ነክራ በግልገሏ ጅራት ሥር ቀስ ቀስ እያደረገች ዳበሰች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ምላስ። ጥጡ ቢጫ ሆነ። ይህ የእናት ሥራ ነው፤ ካልተነኩ ሽንታቸውን አይሸኑም፣ ዓይነ ምድራቸውም አይወጣም፤ ሞልቶባቸው ይሞታሉ አለች። ወልደሥላሴ ያን ሲሰማ ተቀመጠ። ከዲሳ ልጆቿን ስትልስ ስንት ጊዜ አይቷት ነበር! ንጽሕና ይመስለው ነበር። ለካ እያንዳንዷ ልሰት ልጆቿን በሕይወት የማኖር ሥራ ነበረች፤ ለካ የምትሠራውን እሱ አያውቅም፣ እሷ ታውቃለች። ማን አስተማራት? ትምህርት ቤት የገባች እንስሳ የለችም። «እግዚአብሔር» አለ።

ረዋን በፊቷ ቱቦውን ደጋግሞ እንዲያስገባ አደረገችው።  ከዚያ ትእዛዟን ሰጠች። ለትንሿ በየሦስት ሰዓቱ ሦስት ሚሊ፣ ሌሊትም ቢሆን። ሚዛን ላይ ሰማንያ አምስት ግራም ናት፤ የሆዷ ልክ ለመቶ ግራም አራት ሚሊ ያህል ነው፤ ክብደቷ ሲጨምር ወተቱም ይጨመራል፣ እስከዚያ አይነካም። በየማለዳው፣ ከመብላቷ በፊት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ትመዘን። በቀን አሥር ግራም ብትጨምር ተማም ነው፣ በጣም ጥሩ። ከቀነሰች ግን ነገ አይባልም፣ ያኔውኑ ይዘሃት ና። ለሚዛን ደግሞ አንተን ማን ያስተምርሃል ብላ ሳቀች። ወልደሥላሴ ልቡ ሞላ። ሚዛን ከተባለማ የእሱ ነገር ነው።

በማግስቱ የቅመሙን ሚዛን ባንኮኒው ላይ እንደ መንበር አጸዳው። ለግልገሎቹ የተለየ ጎድጓዳ ላስቲክ ሳሕን ገዛ፤ በርበሬ ያልነካው። ሳሕኑን ከነጨርቁ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰና ትንሿን አስገባት። ሰማንያ ስድስት። አንድ ግራም! ሳላሕ ከረክሻው ዘሎ መጣ፤ የሻሽወርቅ ሽንኩርት የያዘች እጇን አንከርፍፋ መጣች። የዚያን ዕለት ሳጃና ውስጥ ሰው ሲገናኝ ሰላምታው አንዲቷ ግራም ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በማግስቱ ደግሞ ዘጠና ሦስት። ግራጫዎቹ መቶ ሃያን አልፈው እየወፈሩ ነው፤ እነሱን የሚያያቸው የለም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ትንሿ ነው።

ወልደሥላሴ የቀድሞ እንቅልፉን ትቶ ለእሷ ሆነ። ጠርሙሶቹን ያሞቃል፣ ሲቀዘቅዙ ይለውጣል፤ ሙከይፉን ዘግቶ በገዛ ሱቁ ውስጥ በላብ ይጠመቃል። ደንበኛ ሙቀቱን ሲያማርር ልጆች አሉ ዝም በሉ ይላል። የሁዳዴ ጾም ላይ ስለነበር ወተቱን በእጁ አንጓ ጠብ አድርጎ ለብታውን ይለካና ወዲያው ይጠርገዋል፤ እልሰው ይሆናል ብሎ ምላሱን የሚፈራ ሰው ነበር። እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀመሰም፣ እሷ ግን በየሦስት ሰዓቱ ትመገባለች። ይህ ነገር ሳያስበው ደስ ይለው ነበር።

ጥፋቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ጥፋትም አልመጣም። ሦስተኛው ሚሊ አልቆ ስሪንጁ ሲዘጋ ትንሿ ራሷን እያወዛወዘች ትጮኻለች። ይህቺን ሰምቶ ዝም የሚል ልብ ማን አለው? ወልደሥላሴ ከልጅነቱ ጀምሮ ልክ ብቻ ሰጥቶ አያውቅም። ልክ ብቻ መስጠት ለእሱ ንፍገት ነው። እናቷ ጦርነት ያሳለፈች፣ አባቷ የማይታወቅ፣ ከሁሉም የምታንስ ፍጥረት፣ በሰው ሁሉ እጅ የሚወድቅ ምራቂ ለእሷ ይቅርባት? አንድ ሚሊ ጨመረላት። ዝም አለች፣ ተኛች። ቀጥሎም አንድ ጨመረ። ሌላ ጊዜ አንድ ተኩል ሆነ፣ ከዚያም ሁለት። ሆዷ ተወጥሮ ሲያይ ጠገበች አለ፤ ጥጡ ላይ የሚወጣው ቢጫ ቀጭን ውኃ ሲሆን ግን ፈራ። ማለዳ ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት።

ሰማንያ አራት።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ አሰበ። ከመሳቢያው የመቶ ግራም ድንጋዩን አውጥቶ አስቀመጠበት፤ መቶ አለ። ኮረሪማ መዘነበት፣ ትክክል ነው። በሕይወቱ ሚዛኑ ሐሰተኛ በሆነ ብሎ የተመኘው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ስትበላ የዋለች እንዴት ትቀንሳለች? እሷን ዳግም ሲያነሣት ቆዳዋ እንደ ሰፊ ልብስ ተነሥቶ ቀረ። ሳላሕን ጠርቶ ወደ ክሊኒኩ በረረ።

ረዋን ግልገሏን ገልብጣ ሆዷን በጣቷ ነካች፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች፣ ቶሎ አልተመለሰም። ፊቷ ሲጠቁር ወልደሥላሴ አየ።

«አሞ ወልዴ፣ ስንት ነው የሰጠሃት?»

«ያልሺኝን ነዋ።»

ዓይኑን እያየች ጠበቀች። 

«ያልሺኝን፣ በላዩ ደግሞ ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ምራቂ» አለ፣ ድምፁ እየቀነሰ።

ረዋን ቃሉን አልጠየቀችም። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ሱቁ ስትሄድ እጇ ላይ ያረፈውን ቁንጥር ሁሉ ታስታውሳለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ስማኝ» አለችው። «እሷ ደንበኛ አይደለችም። ሆዷ ከዚህ በላይ አይይዝም፤ የተረፈው ሁሉ ተቅማጥ ሆኖ ይወጣል፣ ሲወጣ የራሷን ውኃ ይዞ ይወጣል። የጨመርክላት ከእሷ ላይ እየወሰደ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልክ። ብትጮህም ልክ።»

ከትከሻዋ ሥር ከቆዳው በታች ለብ ያለ ፈሳሽ በመርፌ ሰጠቻት። ወተቱን ለጊዜው ከለከለች፤ በምትኩ ለብ ያለ የጨውና የስኳር ፈሳሽ በቱቦ፣ ቀጥሎ የቀጠነ ወተት ሁለት ሚሊ፣ ሆዷ ከረጋ ሙሉ ወተት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሦስት። ተስፋ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ኢንሻአላህ አለች። አርባ ዓመት ሱዳን የኖረ ሰው ኢንሻአላህ መቼ አዎ እንደሆነ፣ መቼ ደግሞ አላውቅም እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። ይኼኛው ሁለተኛው ነበር።

ያ ቀን ለወልደሥላሴ ከባድ ቀን ነበር። መጀመሪያ ላይ ትንሿ አልጮኸችም፤ አቅም የላትም። ዝምታዋ ከጩኸቷ ይልቅ ጎዳው። ፈሳሹን ሰጠ፣ በጥጥ ዳበሰ፣ ሆዷን አየ። ቀጣዩን ሰጠ። ውጥረቱ ትንሽ ለሰለሰ። ጥጡ ላይ ያለው ቀለም እየከበደ፣ እየወፈረ መጣ። ማምሻው ላይ ቀጭኑን ወተት ሁለት ሚሊ በቱቦ ሰጥቶ ጫፉን ቆንጥጦ ሲያወጣ ራሷን ቀና አድርጋ ጮኸች።

ስሪንጁ በእጁ ነው። ኩባያው አጠገቡ ነው፤ ወተቱ ለብ ብሎ ተቀምጧል። አፏ ተከፍቶ ምላሷ ይታያል፤ የጥቁርና የሮዝ አፍንጫዋ በአየር ውስጥ እሱን ይፈልጋል። እጁ ተነሣ። አርባ ዓመት የተነሣበት አነሣስ ነበር፣ ሳያዝዘው፣ ወደ ኬሻው እንደሚሄደው። የሻሽወርቅ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ወልደሥላሴ ስሪንጁን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ኩባያውን አንስቶ ጓሮ ወጣና ወተቱን ከዲሳ በተቀበረችበት አፈር ላይ ደፋው። ተመልሶ መጥቶ ግልገሏን በመዳፉ አቀፋት፤ ጮኸችበት፣ ጮኸችበት። እንደዚያ ያለ መከራ ደግነት ላይ እንዳለ አላወቀም ነበር። ልክ ማለት ንፍገት አይደለም ለካ፣ ያንን የሚችል ልብ ያለው ሰው ብርቅ ነው እንጂ ብሎ አሰበ። ሰውነቱ ሁሉ ደከመ። እሷ ግን በመዳፉ ሙቀት ቀስ ብላ ተኛች።

ማለዳ ሳላሕ ከወትሮው ቀድሞ መጣ። የሻሽወርቅ እሳቷን ሳትለኩስ መጣች። ረዋን ከኦምዱርማን ደውላ ስልኩ ባንኮኒው ላይ ክፍት ተቀምጧል። ወልደሥላሴ ሳሕኑን ከነጨርቁ አስቀመጠ፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰ፣ አማተበ፣ ትንሿን አስገባት። እሷ ተንቀሳቀሰች፤ ቁጥሩም ተንቀሳቀሰ። ሁሉም ረግቶ እስኪቆም ጠበቁ።

ዘጠና።

 ወልደሥላሴ ቁጥሩን ለሚያዩት ሰዎች እንደ ልማዱ ሚዛኑን ዞር አድርጎ አሳየ። ትናንት ሰማንያ አራት ነበረች። ስድስት ግራም ማለት ነው። ስድስት ግራም ምን እንደሆነ በእጁ ማወቅ ፈለገ። ትንሿን ለየሻሽወርቅ ሰጣትና ሳሕኑን አውርዶ ቁጥሩን ዳግም ወደ ዜሮ መለሰ፤ ጣቶቹንም ወደ ኬሻው ሰደደ። አንድ ራስ ኮረሪማ አውጥቶ በባዶው ሚዛን ላይ አኖረ። ስድስት አለ።

ቆሞ አየው። ስንቱን በሕይወቱ ሳያይ ጣል አድርጎታል! ለስንቱ መንገደኛ፣ ለስንቱ ልጅ፣ እየሳቀ፣ ሳይመዝን። አንድ ሌሊት ሙሉ ተጠብቆ፣ አንድ ሙሉ ሕይወት ተንጠልጥሎበት የመጣው ክብደት ይህቺው ናት፤ በጣቱ መካከል የምትያዝ። ዓይኑ ሞላ፣ አቧራ አላለም።

«አሞ፣ ስንት ጨመረች?» አለች ረዋን ከስልኩ ውስጥ፣ ደጋግማ።

«አንድ ራስ ኮረሪማ» አላት።

«ኮረሪማ ምን? ግራሙን ንገረኝ እኮ አሞ።»

  ኮረሪማዋን ከሚዛኑ አንስቶ በመዳፉ ጨበጣት፤ በሌላው እጁ ትንሿን ከየሻሽወርቅ ተቀበለ፤ ወተቷ ሰዓቱ ደርሷል፣ ሁለት ሚሊ፣ ቆጥሮ።